ቁጥርዎ ለማያውቁት ሰው ሲደርስ፦ ቴሌግራምዎንና ሌሎች አካውንቶችዎን ከአሮጌው ሲም የማላቀቂያ ዝርዝር መመሪያ

ከሸዋ ሮቢት፣ ከአጣዬ ወይም ከመሐል ሜዳ ወደ ሪያድ ወይም ወደ ቤይሩት የሄደ ሰው እንደደረሰ የዚያን አገር ሲም ያስገባል። የአገር ቤቱ ሲም ከቦርሳ ኪስ ይገባል፣ ወይም እናት ቤት ሣጥን ውስጥ ይቀራል። ቴሌግራሙ ግን በ09 ቁጥር እንደተከፈተ በዋይፋይ መሥራቱን ይቀጥላል። ከቤተሰብ ጋር ያወራበታል፣ ፎቶ ይልክበታል፣ የዕቁቡን ግሩፕ ያስተዳድርበታል። ዓመት ያልፋል። ሰውየው ቁጥሩ አሁንም የራሱ እንደሆነ ያምናል፤ `Settings` በከፈተ ቁጥር ያው ቁጥር ከስሙ ሥር ተጽፎ ያየዋልና። እዚያ የተጻፈው ግን አካውንቱ በየትኛው ቁጥር እንደተመዘገበ ነው። ሲሙ ዛሬ በማን እጅ እንዳለ አይናገርም።

በዚህ መካከል ቁጥሩ ተዘግቶ፣ ጥቂት ጊዜ አርፎ፣ እንደ አዲስ ለሌላ ሰው ተሽጦ ሊሆን ይችላል። ደብረ ሲና ላይ ሲም የገዛ አንድ ወጣት ቴሌግራም ልክፈት ብሎ ቁጥሩን ሲያስገባ ባዶ አካውንት ሳይሆን የሌላ ሰው ሕይወት ይከፈትለታል። ይህ መመሪያ በዋናነት የሚናገረው ስለዚህ ነው። ጉዳቱ ከሁሉም የሚከፋው ቴሌግራም ላይ ነው፤ በአግባቡ ከተያዘ ደግሞ መከላከያው ያለውም እዚያው ነው።

ቁጥር ለምን ተመልሶ ይሸጣል

ከ09 በኋላ የሚቀሩት አሃዞች 8 ናቸው። በ8 አሃዝ ሊጻፍ የሚችለው ቁጥር ቢበዛ 100 ሚሊዮን ነው፤ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ደግሞ ከ80 ሚሊዮን አልፈዋል። ስለዚህ የተተወ ቁጥር ለዘላለም ተቀብሮ አይቀርም። ኦፕሬተሩ ለረጅም ጊዜ ያልተሠራበትን ቁጥር ይዘጋዋል፣ ያሳርፈዋል፣ መልሶም ለገበያ ያወጣዋል። አሠራሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የተዘጋ ቁጥር ለሌላ ሰው ከመሰጠቱ በፊት ቢያንስ 45 ቀን እንዲያርፍ ሕግ ያስገድዳል። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት በሁለት የአሜሪካ ኦፕሬተሮች ለሽያጭ ከቀረቡ ቁጥሮች 259ኙን አይተው፣ 171ዱ በታወቁ ድረ ገጾች ላይ ካሉ የቀድሞ ባለቤቶች አካውንቶች ጋር እንደተያያዙ አግኝተዋል።

ልብ ይበሉ፣ ኦፕሬተሩ ቁጥሩን ለሌላ ሲሰጥ ለቴሌግራም፣ ለፌስቡክ ወይም ለጂሜይል የሚነግር የለም። እነሱ የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወደዚያ ቁጥር ኮድ ልከው ኮዱን ያስገባ ሰው ባለቤቱ ነው።

ለአዲሱ ሰው የሚተላለፈውና የማይተላለፈው

ድሮ የገቡልዎ የጽሑፍ መልእክቶች (ኤስኤምኤስ) አይተላለፉም። እነሱ ያሉት በአሮጌው ስልክዎ ወይም በሲሙ ላይ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የሚላኩት ግን ሁሉም ወደ አዲሱ ሰው ይሄዳሉ። ቁጥርዎ በባንክ ተመዝግቦ ከቀረ፣ ከቤተሰብ ብር በገባ ቁጥር ስምዎን፣ የገባውን መጠንና ቀሪ ሂሳብዎን የያዘው መልእክት ደብረ ሲና ላለው ሰው ይደርሰዋል። እሱ ምንም አልሰረቀም፤ ስልኩ ጮኸ፣ አነበበ።

ዋትሳፕ የቆየ ወሬን አያሳልፍም፤ መልእክቱ የሚቀመጠው ስልኩ ላይ ነው። አዲሱ ሰው ሲመዘገብ ባዶ ገጽ ነው የሚያየው። የሚያሰጋው ሌላ ነው። የድሮ ጓደኞችዎ ለእርስዎ እየመሰላቸው ይጽፉለታል፣ የነበሩበት ግሩፕ ውስጥም ቁጥሩ ሊቀጥል ይችላል። ዋትሳፕ 120 ቀን ያልተሠራበትን አካውንት ስለሚሰርዝ፣ አካውንቱን የተዉት ከሆነ ችግሩ ብዙውን ጊዜ በራሱ ያልቃል።

ቴሌግራም ግን መልእክቱን፣ ፎቶውን፣ ፋይሉን የሚያስቀምጠው በራሱ ሰርቨር ላይ ነው። አዲስ ስልክ ገዝተው ሲከፍቱት የአምስት ዓመት ወሬ ሁሉ ተመልሶ የሚመጣው ለዚህ ነው። ያው ምቾት ለአዲሱ ባለቁጥርም ይሠራል። ኮዱን ካስገባ `Saved Messages` ውስጥ ያስቀመጡት የፓስፖርት ፎቶ፣ ለወንድምዎ የላኩት የባንክ ደብተር ፎቶ፣ ከእናትዎ ጋር የተለዋወጡት ድምፅ ሁሉ ከፊቱ ይደረደራል። የማይከፈትለት `Secret Chat` ብቻ ነው፤ እሱ ከተጀመረበት ስልክ አይወጣም።

በመጀመሪያ ቁጥሩ የት እንዳለ ይወቁ

በሌላ ስልክ ወደ አሮጌው ቁጥር ይደውሉ። ወይም አጣዬ ላለች እህትዎ «በይ ደውይና የሚያነሳውን ስሚ» ይበሏት። የማያውቁት ሰው ካነሳ ቁጥሩ ተሽጧል። የማይሠራ ቁጥር ነው የሚል ድምፅ ከመለሰ ተዘግቷል፤ ገና ለሌላ አልተሰጠ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ቁጥሩ በስሙ የተመዘገበለት ሰው መታወቂያውን ይዞ አገልግሎት ማዕከል ሄዶ ምትክ ሲም ማውጣት ይቻል እንደሆነ ይጠይቅ፤ አስቀድሞ ለማጣራት ወደ 994 መደወል ይቻላል።

«በስሙ የተመዘገበለት» የሚለው ቃል ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነው። በገጠር የእናት ሲም በልጅ መታወቂያ፣ የሚስት ሲም በባል መታወቂያ ይወጣል። ምትክ የሚሰጠው ለተመዘገበው ሰው እንጂ ለሚጠቀምበት አይደለም። ሲሙን ከማውጣትዎ በፊት በማን ስም እንደሆነ ይወቁ፤ ያ ሰው ከሌለ ሌላውን ሁሉ ትተው ወደ አዲስ ቁጥር ማዛወሩን ይጀምሩ።

ቴሌግራምን ወደ አዲስ ቁጥር ማዛወር

ብዙዎች የማያውቁት ደስ የሚል ነገር አለ፤ ቁጥር ለመቀየር አሮጌው ሲም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ቴሌግራሙ አሁን ተከፍቶ ያለበት ስልክና ኮድ የሚቀበል አዲስ ቁጥር ነው። አዲሱ ቁጥር የሳዑዲ +966 ቢሆንም ይሠራል።

1. አዲሱ ቁጥር የራስዎ፣ በስምዎ የተመዘገበና ኤስኤምኤስ የሚቀበል መሆኑን ያረጋግጡ። የአሠሪ ወይም የክፍል ጓደኛ ቁጥር አይጠቀሙ፤ ያ ሰው ነገ የአካውንትዎ ባለቤት ይሆናል።

2. በዚያ አዲስ ቁጥር ቀድሞ የተከፈተ ቴሌግራም ካለ ማዛወሩ እምቢ ይላል። አንድ ቁጥር ሁለት አካውንት አይሸከምም። ያኛው የሙከራና ባዶ ከሆነ በመጀመሪያ እሱን ይሰርዙት፤ መሰረዙ መመለሻ የለውምና የትኛውን እንደሚሰርዙ ሁለት ጊዜ ይዩ።

3. ወሬዎቹ ሁሉ ያሉበትን ቴሌግራም ይክፈቱ፤ `Settings` ይግቡ፣ የተጻፈውን ቁጥር ይንኩ፣ `Change Number` ይምረጡ።

4. አዲሱን ቁጥር ከአገሩ መለያ ጋር ያስገቡ። የኢትዮጵያ ከሆነ +251 ካሉ በኋላ 0ን ይተዉት፣ በ9 ወይም በ7 ይጀምሩ። 0ን ጨምረው መጻፍ ኮድ እንዳይመጣ ከሚያደርጉ ስሕተቶች የተለመደው ነው።

5. ወደ አዲሱ ቁጥር የመጣውን ኮድ ያስገቡ። ወሬ፣ ግሩፕ፣ ቻናልና የግሩፕ ባለቤትነት ሁሉም እንዳለ ይሻገራል። አሮጌው ቁጥር ከአካውንቱ ጋር የነበረው ገመድ እዚያው ላይ ይቆረጣል፤ አዲሱ ሰው ከዚያ በኋላ ቢመዘገብ ባዶ አካውንት ይከፈትለታል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ዛሬ በገቡበት አዲስ ስልክ ላይ ሆነው ይህን ሊሠሩ ቢሞክሩ ቴሌግራም 24 ሰዓት ይጠብቁ ይልዎታል። ቀድሞ በተከፈተው ስልክ ይሥሩት። ከክልከላው በስተጀርባ ያለው ሐሳብ ጥሩ ነው፤ ከታች በምሳሌው እንደምናየው ለቀድሞው ባለቤት ትንፋሽ መውሰጃ የሚሰጠው ይኸው ነው።

የይለፍ ቃሉ፣ ምን ይከለክላል ምን አይከለክልም

`Settings` ውስጥ `Privacy and Security`፣ ከዚያ `Two-Step Verification` ይግቡና የይለፍ ቃል ያውጡ። ከዚህ በኋላ ኮድ ብቻውን አይበቃም። አዲሱ ባለቁጥር ኮዱን አስገብቶ ሲጨርስ የይለፍ ቃል ይጠየቃል፤ ካላወቀ አንዲት መስመር ወሬ አያይም። ፍንጭ ጻፉ የሚል ቦታ ሲመጣ ራሱን የይለፍ ቃሉን ወይም «የልደት ቀኔ» የሚል ነገር አይጻፉ፤ ፍንጩን አዲሱ ሰውም ያየዋል። ባዶ ቢተዉት ይሻላል። የመመለሻ ኢሜይል ሲጠየቁ አይለፉት፤ የይለፍ ቃሉን የረሱ ቀን በራስዎ አካውንት በር ላይ ይቆማሉ። ኢሜይሉ ራሱ በአሮጌው ቁጥር የሚከፈት መሆን የለበትም።

ይሁን እንጂ የይለፍ ቃል አካውንቱን ከመነበብ እንጂ ከመሰረዝ አያድነውም። አዲሱ ሰው የይለፍ ቃሉን አላውቀውም ብሎ አካውንቱን አፍርሶ እንደ አዲስ መጀመር ይችላል። አካውንቱ በሥራ ላይ ያለ ከሆነ ቴሌግራም 7 ቀን ያስጠብቀዋል፣ ለእርስዎም አንድ ሰው አካውንቱ እንዲሰረዝ ጠይቋል የሚል መልእክት ይልካል። መልእክቱ ላይ ያለው ማስቆሚያ ግን ወደ አሮጌው ቁጥር ኮድ ልኮ ነው የሚያረጋግጠው። ሲሙ የሌለው ሰው በዚያ በር መግባት አይችልም። የሚያድንዎ በ7ቱ ቀን ውስጥ `Change Number` መሥራት ነው። ስለዚህ የይለፍ ቃል አውጥቻለሁና ቁጥሩ ይቆይ ማለት አይበቃም፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

አንድ ሌሊት በዝርዝር

አንዲት የአጣዬ ልጅ ሪያድ ትሠራለች እንበል። ሲሟን ከተወች ከዓመት በላይ ሆኗታል፤ የይለፍ ቃል አላወጣችም። የእኅትማማቾቿ ግሩፕ፣ እሷ የከፈተችው የዕቁብ ግሩፕና የፓስፖርቷ ፎቶ ያሉት ቴሌግራሟ ላይ ነው። ሪያድና አጣዬ ሰዓታቸው አንድ ስለሆነ አቆጣጠሩ አያምታታም። ከምሽቱ 3፡00 ላይ ከቴሌግራም እንዲህ የሚል መልእክት ይመጣላታል።

```
Login code: 48213. Do not give this code to anyone, even if they say they are from Telegram!
```

እሷ የጠየቀችው ነገር የለም። የሆነው ይህ ነው፤ ደብረ ሲና ያለው ልጅ ቁጥሩን አስገባ፣ ቴሌግራም ደግሞ አካውንቱ ሌላ ስልክ ላይ ክፍት መሆኑን ስላወቀ ኮዱን በመጀመሪያ ወደዚያ ላከው። ልጁ ኮድ አልደረሰኝም ብሎ በኤስኤምኤስ እንዲላክለት ይነካል፤ ኮዱ ይደርሰዋል፣ ይገባል። ይህ ከአንድ እስከ ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ነው። ያልጠየቁት ኮድ ሲመጣ «አጭበርባሪ ነው» ብሎ ዝም ማለት የተለመደ ነው፤ ሲሙ በእጅ ያለ ሰው እንዲያ ቢያስብ ያስኬዳል፣ ሲሙን የተወ ሰው ግን ያን ጊዜውኑ ተነስቶ መሥራት አለበት።

3፡04 ላይ ሁለተኛ መልእክት ይመጣል፤ በአዲስ ስልክ መገባቱን፣ የስልኩን ዓይነትና ቦታውን ይናገራል። አሁን የምትሠራው በዚህ ቅደም ተከተል ነው።

በመጀመሪያ `Settings` ውስጥ `Devices` ትከፍታለች። የእሷ ስልክ ከላይ አለ፣ ከሥሩ የማታውቀው ስልክ። እሱን ነክታ `Terminate Session` ትላለች። ልጁ ከአካውንቱ ይወጣል። እሱ ግን እሷን ማስወጣት አይችልም፤ ገና የገባ ስልክ የቆየውን ለማስወጣት 24 ሰዓት መቆየት አለበት፣ ቁጥር ለመቀየርም እንዲሁ። ጊዜው ለእሷ ያደላል።

ቀጥላ ወዲያው የይለፍ ቃል ታወጣለች። ሲሙ የእሱ ነውና ከሁለት ደቂቃ በኋላ ኮድ ጠይቆ ሊመለስ ይችላል፤ ማስወጣት ብቻውን በር ዘግቶ ቁልፉን ውጭ መተው ነው። የይለፍ ቃሉ ካለ ሲመለስ እዚያው ላይ ይቆማል።

ከዚያ በ+966 ቁጥሯ `Change Number` ትሠራለች። ይህን እስከ ነገ ማሳደር አያስፈልግም፤ በሦስት ደቂቃ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ልጁ የፈለገውን ያህል ኮድ ቢጠይቅ የሚከፈተው የራሱ አዲስ አካውንት ነው።

የሚቀረው ከ3፡04 እስከ መውጣቱ ድረስ ምን እንዳየ ነው። ይህን የሚመልስ የለም። ስለዚህ `Saved Messages` ውስጥና ከቤተሰብ ጋር በተላላኩት ውስጥ የነበሩ የይለፍ ቃሎችን፣ የባንክ ሚስጥር ቁጥሮችን እንደታዩ ቆጥራ ትቀይራለች። ለዕቁቡ ግሩፕ ደግሞ በድምፅ ትናገራለች፤ «ዛሬ ማታ ከ3 ሰዓት ጀምሮ በስሜ ብር ላኩ የሚል ከመጣ እኔ አይደለሁም»። ድምፅ የተመረጠው ጽሑፍ በሌላ ሰው ሊጻፍ ስለሚችል ነው።

ተኝታ ሳለ ቢሆንስ? ጠዋት 12 ሰዓት ብትነሳም 24ቱ ሰዓት ገና አላለቀም፤ ያንኑ ቅደም ተከተል ትሠራለች። ሁለት ቀን ስልክ ሳታይ ብትቆይ ግን ልጁ እሷን ማስወጣት ይችላል፣ ከዚያ በኋላ ወደ አካውንቱ የሚመልሳት ነገር የለም። ያኔ የሚቀራት ቁጥሩ ላይ ደውላ በሰላም መለመን ነው። ብዙ ሰው ይተባበራል፤ አካውንቱ ለእሱም ሸክም ነው። እንዲህ ብትጽፍለት ይበቃል፦

«ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ይህ ቁጥር ከዚህ በፊት የኔ ነበር፤ አሁን የእርስዎ መሆኑን አውቃለሁ። ቴሌግራሙ ላይ የቤተሰቤ ፎቶና ወሬ ስላለ ወደ አዲሱ ቁጥሬ እንዳዛውር አንድ ኮድ ቢነግሩኝ ለእርስዎም ባዶ ሆኖ ይቀርልዎታል።»

ኮዱን ከነገራት፣ በስልኳ ትገባለች፣ የይለፍ ቃል ታወጣለች፣ 24 ሰዓት ጠብቃ ቁጥሩን ትቀይራለች።

ቁጥሩ በእጅ ሳለ፦ ከጉዞ በፊት

ሲሙ ገና እየሠራ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ገንዘብ ይቀድማል።

ባንክዎ ቅርንጫፍ መታወቂያና ደብተር ይዘው ይሂዱና የተመዘገበውን ስልክ ያስቀይሩ። በስልክ ደውሎ የሚያልቅ ነገር ሳይሆን በአካል የሚፈረም ነው፣ ስለዚህ ከአገር ከመውጣት በፊት ይሠራ። ደብረ ብርሃን ደርሰው ከመሳፈርዎ በፊት ባለው ጠዋት ላይ አይጣሉት፤ ሰልፉ ከአውቶቡሱ ጋር ያጣላዎታል።

ቴሌብር ከቁጥሩ ጋር የታሰረ ነው። በ`*127#` ገብተው ያለውን ብር ወደ ባንክ ወይም ወደ ቤተሰብ ያውጡት፤ ቁጥሩ ከሄደ በኋላ የቀረ ብር ማስመለስ በአገልግሎት ማዕከል ተመላልሶ የሚገኝ ነው። ፋይዳ ሲመዘገቡ የሰጡት ስልክ ይኸው ከሆነም፣ የማረጋገጫ ኮዱ ወደዚያ ስለሚሄድ በምዝገባ ጣቢያ ያስቀይሩት።

ጂሜይል ላይ `myaccount.google.com/phone` ገብተው አሮጌውን ቁጥር ያጥፉና አዲሱን ይጨምሩ። ፌስቡክ ላይ `Accounts Center`፣ `Personal details`፣ `Contact info` ነው መንገዱ። ቁጥሩ እዚያ ከቀረ አዲሱ ሰው «የይለፍ ቃል ረሳሁ» ብሎ በቁጥሩ ኮድ ማስላክ ይችላል። ዋትሳፕ ላይ `Settings`፣ `Account`፣ `Change number` ይሠራሉ፤ የነበሩበት ግሩፕ መቀየርዎን በራሱ ይነገረዋል።

ቁጥሩን ማቆየት የሚፈልጉ ከሆነ ሲሙን ለእናት ወይም ለታናሽ ትተው፣ በየወሩ ካርድ እየሞሉ አንድ የሚያስከፍል ጥሪ እንዲደውሉበት ያድርጉ። ከሣጥን የተቀመጠ ሲም ኦፕሬተሩ ዘንድ የሞተ ሲም ነው። ታዲያ ሲሙ ያለው ሰው ኮድ ይቀበላልና፣ የይለፍ ቃሉ እናት ቤት ላለው ሲምም ያስፈልጋል። ይህ እናትን አለማመን አይደለም፤ ስልኳን ተውሶ የሚይዘውን ሰው ማን ይቆጥረዋል?

የግሩፕ ባለቤት ከሆኑ ባለቤትነቱን ለሌላ ለማስተላለፍ የይለፍ ቃሉ ከወጣ 7 ቀን ያለፈው መሆን አለበት። ዕቁቡን ለሌላ ዳኛ ማስረከብ የሚያስቡ ከሆነ የይለፍ ቃሉን ከጉዞው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድመው ያውጡት።

ሲሙን የገዙት እርስዎ ከሆኑ

አዲስ ሲም እንደገዙ፣ ቴሌግራም ከመክፈትዎ በፊት ቁጥሩን በጓደኛ ስልክ ላይ ይመዝግቡና ቴሌግራም ላይ ስም ወይም ፎቶ ይወጣ እንደሆነ ይዩ። ከወጣ ባለቤት አለው ማለት ነው። በጓደኛዎ ስልክ ለዚያ አካውንት ይጻፉለት፤ «ይህ ቁጥር አሁን የኔ ነው፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደ አዲስ ቁጥርዎ ያዛውሩ።» ባለቤቱ በዋይፋይ ላይ ካለ ይደርሰዋል።

ሳያውቁ ገብተው የሌላ ሰው ወሬ ከተከፈተልዎ ሳያነቡ `Log Out` ይበሉ። ቶሎ ብሎ መሰረዝ ንጽሕና ይመስላል፤ ግን የሌላውን ሰው የዓመታት ፎቶና ወሬ በአንዴ ያጠፋል፣ መመለሻም የለውም። ሳምንት ጠብቀው መልስ ካጡ፣ ባለቤቱም ከታየ ብዙ ወር ከሆነው፣ ያኔ ገብተው `my.telegram.org` ላይ ቁጥሩን በ+251 ጽፈው መሰረዝ ይችላሉ። የመሰረዣው ኮድ በኤስኤምኤስ ሳይሆን በራሱ በቴሌግራም ውስጥ ስለሚመጣ ቴሌግራሙ ክፍት መሆን አለበት። ከዚያ እንደ አዲስ ይመዝገቡና በመጀመሪያው ቀን የራስዎን የይለፍ ቃል ያውጡ። ዝም ብሎ ቢቀመጥም አካውንቱ ያልቃል፤ ባለቤቱ ካልቀየረው በቀር ቴሌግራም 18 ወር ያልተሠራበትን በራሱ ይሰርዛል።

የሌላ ሰው የባንክ መልእክት ሲመጣልዎ ለማንም አያስተላልፉ። መልእክቱ ላይ የባንኩ ስም አለና፣ አጠገብዎ ያለ ቅርንጫፍ ገብተው «ይህ ቁጥር አሁን የኔ ነው፣ የሌላ ደንበኛ መልእክት ይመጣብኛል» ብለው ያሳዩ። በስሕተት ብር በቴሌብር ከገባልዎ ደግሞ አይጠቀሙበት፤ «መልስልኝ» ብሎ ለደወለ ሁሉም በቀጥታ አይላኩ፤ ብሩን የላከው ሌላ፣ የሚደውለው ሌላ ሊሆን ይችላል። ወደ 127 ደውለው የግብይቱን ቁጥር ይንገሩ። ላኪው ብር ከመላኩ በፊት ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን የተቀባይ ስም ቢያነብ ኖሮ፣ የአክስቱ ስም ሳይሆን የእርስዎ ስም መሆኑን እዚያው ያይ ነበር።